የሙሽራዋ ነጠላ ተቃጠለ፣ የአያቷ ፊት ጠቆረ… ማን ያድናቸው?

እስቲ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። የሠርግ ቪዲዮ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እንዴት አታውቁም! ዘመድ ቤት የሄደ ሰው ሁሉ ቡና እስኪፈላ ድረስ ሳይወድ በግዱ ያየዋል። ታዲያ ስታዩት ሁለት ነገር ልብ ብላችኋል? የሙሽራዋ ነጭ ልብስ ፀሐይ ላይ ሲሆን እንደ አምፖል ቦግ ይልና ጥበቡ ይጠፋል። ጥላ ስር የተቀመጡት ሽማግሌዎች ደግሞ ዓይንና አፍንጫቸው አይለይም፤ ጋቢ የለበሰ ጥቁር ነገር ብቻ ነው የሚታየው። የመጀመሪያውን የሙያው ሰዎች «ተቃጠለ» ይሉታል። ሁለተኛውን «ጠቆረ» ይሉታል። ወደ እኛ የመጣው ደብዳቤም በነዚህ በሁለቱ መካከል የተጨነቀች ወጣት የጻፈችው ነው። ስሟን አንገልጽም፤ የየካ ልጅ ናት።

«ይድረስ ለአምዱ አዘጋጅ። ያገባሁት ባለፈው ጥር ነው። ወደ አዳራሽ ከመሄዳችን በፊት፣ ከፈረንሳይ ለጋሲዮን በላይ ወደ እንጦጦ በሚወጣው ዳገት አያቴ ቤት ሄደን ጉልበቷን ስመን ተመረቅን። አያቴ በሰኔ አረፈች። አሁን ቪዲዮውን ስከፍተው ፊቷ የለም፤ ጥቁር ነው። የእኔ ነጠላ ደግሞ ወረቀት መስሏል። የቀረጸው ልጅ ‹በቃ፣ ይሄ አይስተካከልም› አለኝ። የባለቤቴ ጓደኛ በራሱ ካሜራ ቀርጾ ነበርና ‹የኔ ሎግ ስለሆነ ሁሉም ነገር ይመለሳል› አለኝ። የሱን ስከፍተው ግን ጭጋግ የወረደበት ይመስል ግራጫና ደብዛዛ ነው። ማንን ልመን?»

እኅቴ፣ ሁለቱም ግማሽ እውነት ነው የነገሩሽ። እኔ የምተዳደረው በቪዲዮ ኤዲቲንግ ስለሆነ ነገሩን በወሬ ልመልሰው አልፈለግሁም። የሁለቱንም ካሜራ ፋይሎች ይዛ እንድትመጣ ነገርኳት፤ መጣች። የሆነውን እንዳለ ልንገራችሁ፤ ነገ ለእናንተም ይጠቅማችኋልና።

ጠራራ ፀሐይና የባሕር ዛፍ ጥላ

መጀመሪያ ቦታውን እንይ። የእንጦጦ ጫፍ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። በጥር ሰማዩ ጥርት ያለ፣ አየሩም ስስ ነው። ስስና ንጹሕ አየር ብርሃንን ብዙም አይበትንም። ስለዚህ ፀሐይ የመታው ነገር በጣም ይበራል፤ ጥላ ውስጥ ያለው ደግሞ ከሰማይ የሚወርድለት ብርሃን ትንሽ ስለሆነ የባሰ ይጨልማል። ሰዓቱ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ገደማ ነበር። አያትየው አጥሩ ሥር ከባሕር ዛፎቹ ጥላ ተቀምጠዋል። ሙሽሪት ጎንበስ ስትል ትከሻዋ ፀሐዩ ላይ ቀርቷል።

የካሜራ ሰዎች የብርሃን ልዩነትን የሚለኩት በ«ስቶፕ» ነው። አንድ ስቶፕ ማለት ብርሃኑ እጥፍ ሆነ ማለት ነው። ሁለት ስቶፕ አራት እጥፍ፣ ሦስት ስቶፕ ስምንት እጥፍ እያለ ይቀጥላል። ነጭ ነጠላ ራሱ ከጠይም ፊት ሦስት ስቶፕ ያህል ይበልጣል። አንዱ ፀሐይ፣ አንዱ ጥላ ላይ ሲሆን ደግሞ ሌላ ሦስት ስቶፕ ተኩል ይጨመርበታል። በዚህ ቪዲዮ በነጠላውና በአያትየው ፊት መካከል የነበረው ልዩነት በእኔ ግምት ስድስት ተኩል ስቶፕ ነው። ይህ ማለት ነጠላው ከፊቱ ወደ 90 እጥፍ ይበራል። ዓይናችን ይህን ይችለዋል። ካሜራው ግን የሚጽፍበት ደረጃ የተቆጠረ ነው።

የተቆጠረው ደረጃ

ተራው ቪዲዮ «ባለ 8 ቢት» ነው። ለእያንዳንዱ ቀለም 256 የብርሃን ደረጃ አለው ማለት ነው፤ ከ0 እስከ 255። በመደበኛው አሠራር ጥቁሩ 16 ላይ፣ ነጩ 235 ላይ ይቀመጣል። «ባለ 10 ቢት» የሚባለው ግን 1,024 ደረጃ አለው። መሰላል አስቡ፤ ቁመታቸው እኩል ነው፣ የአንዱ እርከን ግን ከሌላው አራት እጥፍ ይበዛል።

ካሜራው በተራው መንገድ ሲቀርጽ ምስሉን እዚያው አሳምሮ፣ ለቴሌቪዥን የሚሆን አድርጎ ይጽፈዋል። ከመካከለኛው ግራጫ በላይ ሁለት ተኩል ስቶፕ ገደማ ሲደርስ ጣሪያው ላይ ነው። ከዚያ በላይ ያለውን ሁሉ «ነጭ» ብሎ ያልፈዋል። የካሜራው ዓይን የነጠላውን ጥበብ አይቶት ሊሆን ይችላል፤ ፋይሉ ላይ ካልጻፈው ግን እኔም አንቺም አናገኘውም።

ሎግ የሚባለው አጻጻፍ ሌላ ነው። ብርሃኑን አሳምሮ ከማቅረብ ይልቅ ጨምቆ ያስቀምጠዋል። ለእያንዳንዱ ስቶፕ ተቀራራቢ ድርሻ ስለሚሰጥ ብዙ ስቶፕ ይይዛል። ለምሳሌ የሶኒው S-Log3 ብርሃኑ ለሎግ በተመደበው ዝቅተኛ አይ.ኤስ.ኦ. ሲመጠን ከመካከለኛው ግራጫ በላይ ወደ ስድስት ስቶፕ ይይዛል። ጭጋግ የመሰለውም ለዚህ ነው። የተበላሸ ምስል ሳይሆን ገና ያልተሠራ ምስል ነው፤ እንደ ጥሬ ሥጋ በሉት።

የመጀመሪያው ካሜራ፦ ባለ 8 ቢት፣ ተራ

የተከፈለው ልጅ የቀረጸውን ከፈትኩ። ካሜራው ብርሃኑን በራሱ እንዲመጥን ተትቷል። ፍሬሙን የሞላው ነጭ ልብስ ስለሆነ ካሜራው «በዛ» ብሎ ሁሉንም አጨለመው። ነጠላው ጣሪያው አጠገብ ቀረ፤ የአያትየው ፊት ግን ከመካከለኛው ግራጫ አራት ስቶፕ በታች ወረደ።

መጀመሪያ ወደ ነጩ ሄድኩ። በዓይን ብቻ አይፈረድም፤ ዌቭፎርም የሚባለውን ግራፍ ነው የምናየው። ከታች 0 ጥቁር፣ ከላይ 100 ነጭ ነው። ብዙ ካሜራዎች ከ235 በላይም እስከ 255 ይጽፋሉ፤ ግራፉ ላይ ከ100 አልፎ እስከ 109 ድረስ ይታያል። ስክሪኑ ያንን ሁሉ ነጭ አድርጎ ስለሚያሳየን የተቃጠለ ይመስለናል እንጂ አለ። Gain የሚለውን ቀስ አድርጌ ወደ ታች ሳብኩት። አሁን ተመልከቱ፤ ፈተናው እዚህ ላይ ነው። ከላይ የተጠጋጋው መስመር ሲወርድ ወደ ክር ክር ከተበታተነ ውስጡ ነገር አለ ማለት ነው፣ ድኗል። እንደተጣበቀ ቀጥ ያለ መስመር ሆኖ ከወረደ ግን የሞተ ነው፤ ያወረድከው ነጩን ወደ ግራጫ ብቻ ነው። ከዚህች መሳቢያ የሚገኘው ብዙ አይደለም፤ ሩብ ስቶፕ ገደማ ነው። ለሙሽሪት ግን በቃት። የነጠላዋ ጥበብ አረንጓዴና ወርቃማ መስመሩ ተመለሰ። ፀሐይ በቀጥታ ያገኘው የትከሻዋ ጫፍ ብቻ ቀጥ ብሎ ወረደ፤ እሱን ተውኩት።

ቀጥሎ ፊቱ። እዚህ ላይ ነው ሆዴ የባባው። የአያትየው ፊት በሙሉ፣ ከጨለማው ጉንጭ እስከ ብሩሁ ግንባር፣ የተጻፈው በግምት ከ20 እስከ 34 ባለው መካከል ነው። አሥራ አራት ደረጃ! አንድ የሰው ፊት፣ ሽብሽቡ፣ ዓይኑ፣ ከንፈሩ፣ በአሥራ አራት እርከን። ይህን ለማብራት ሲለጠጥ አዲስ ደረጃ አይፈጠርም፤ በእርከኖቹ መካከል ያለው ክፍተት ነው የሚሰፋው። ፊቱ በራ፣ ግን እንደ ሞዛይክ ቁርጥራጭ ሆነ። በዚያ ላይ ካሜራው ፋይሉን ሲያጨምቅ «ጨለማ ውስጥ ማን ያያል» ብሎ ጥቃቅኑን ነገር አስቀድሞ ጥሎታል። አያትየው አንገታቸው ላይ ንቅሳት ነበራቸው አለችኝ። ምን ያህል ብለጥጠውም ንቅሳቱ አልመጣም።

ታዲያ ምንም አይደረግም? ይደረጋል፤ ቅደም ተከተሉን መጠበቅ ነው። በመጀመሪያ ንጥብጣቡን የሚያጠፋውን መሣሪያ እጠቀማለሁ፤ ካበሩ በኋላ ሳይሆን ከማብራት በፊት። ከዚያ ፊቱን ብቻ በክብ ማስክ እከባለሁ፤ ጨለማውን ሁሉ ባነሳ ዛፉም አጥሩም አመድ ይሆናል። ከዚያ በGamma አንድ ስቶፕ ያህል ብቻ ከፍ አደርጋለሁ። ከዚያ በላይ ሲሆን ቁርጥራጩ ይወጣል። ሰውየዋ ጥላ ውስጥ እንደተቀመጡ ይታያሉ፤ ጥላ ውስጥ ነበሩና ነውር የለውም። ማን እንደሆኑ ይለያል። ዝርዝሩ ግን የለም።

ሁለተኛው ካሜራ፦ ሎግ፣ ባለ 10 ቢት

ጓደኛው የቀረጸው S-Log3፣ ባለ 10 ቢት ነው። እሱ ደግሞ ካሜራውን የመጠነው በአያትየው ፊት ነው። «ሎግ ሁልጊዜ አብርቶ ነው የሚቀረጸው» የሚል ምክር ሰምቶ ነበርና ፊቱን መካከለኛው ግራጫ ላይ አስቀመጠው። ለጠይም ፊት ይህ አንድ ስቶፕ ያህል ያለፈ ነው።

ሎግን ሲሠሩ ብዙዎች የሚቸኩሉበት አንድ ነገር አለ። ከገበያ ያገኙትን የቀለም ማስተካከያ፣ «ላት» የሚሉትን፣ ፋይሉ ላይ መጀመሪያ ይጭኑበታል። ላቱ ምስሉን ወደ ተራው ቪዲዮ ስለሚለውጠው ሎጉ ይዞት የነበረውን ብርሃን እዚያው ይቆርጠዋል። ከዚያ በኋላ የሚደረገው መሳብ ሁሉ ከመጀመሪያው ካሜራ የተለየ አይሆንም። እኔ ያደረግሁት ተቃራኒውን ነው። ብርሃኑን ከላቱ በፊት ባለው ደረጃ አወረድኩ፣ ላቱን መጨረሻ ላይ አስቀመጥኩ።

ፊቱ መጣ። እዚህ ፋይል ላይ ያው ፊት የተጻፈው ከ347 እስከ 496 ገደማ ነው፤ 150 ደረጃ ያህል። አሥራ አራት የነበረው መቶ ሃምሳ! የዓይናቸው እርጥበት፣ ሲመርቁ የሚንቀሳቀሰው ከንፈራቸው፣ የአንገታቸው ንቅሳት ሰማያዊ ነጠብጣብ ሁሉ አለ። ልጅቷ አጠገቤ ነበረች፤ ንቅሳቱን ስታይ ዝም አለች። እኔም ዝም አልኩ።

ነጠላውስ? እዚህ ላይ ነው «ሁሉም ይመለሳል» የሚለው ሰውዬ የተሳሳተው። ፊቱ መካከለኛው ግራጫ ላይ ከሆነ ነጠላው ከዚያ ስድስት ተኩል ስቶፕ በላይ ነው። S-Log3 ደግሞ የሚይዘው ወደ ስድስት ነው። ግማሽ ስቶፕ አመለጠው። ሎግ ሲቃጠል መልኩ ያታልላል፤ ነጭ አይሆንም፣ ቀላል ግራጫ ነው። ግራፉም 100 ላይ ሳይሆን 94 አካባቢ ነው ተዘርግቶ የሚቆመው። ስለዚህ ብዙ ሰው «100 ስላልደረሰ ደህና ነው» ይላል። ቁጥሩን ሳይሆን ቅርጹን ነው ማየት፤ የትም ይቁም የት፣ በመቁረጫ እንደተላጨ ቀጥ ካለ አልቋል። የነጠላዋን ትከሻ ሳወርደው እንደ ካርቶን ግራጫ ሆነ። ስለዚህ መልሼ ነጭ እንዲሆን ተውኩት፣ ጠርዙን አለሰለስኩት፣ ሦስቱ ቀለሞች እኩል ስላልተቆረጡ የመጣውንም ሮዝማ ቀለም ቀነስኩ።

አሁን ሒሳቡን ተመልከቱ። ልጁ አንድ ስቶፕ ዝቅ አድርጎ ቢሆን ኖሮ ነጠላው አምስት ተኩል ላይ ያርፍ ነበር፤ ሙሉ በሙሉ ይተርፋል። ፊቱስ? ከ150 ደረጃ ወደ 140 ገደማ ነበር የሚወርደው። አሥር ደረጃ ብቻ ከፍሎ ነጠላውን ያድን ነበር። ስለዚህ «ሎግ አብርቶ ነው» የሚለው ምክር ወሰን አለው፤ ወሰኑም በፍሬሙ ውስጥ ያለው በጣም ነጩ ነገር ነው። ሐበሻ ሠርግ ላይ እሱ ምንጊዜም ነጠላው ነው።

በመጨረሻ ሁለቱን ፋይሎች አዳቀልኳቸው። ከሩቅ የሚታየውን፣ የነጠላው ጥበብ ያለበትን ከመጀመሪያው ካሜራ ወሰድኩ። ምርቃቱን በቅርብ የሚያሳየውን ከሁለተኛው። ልጅቷ የጠየቀችው ይኸው ነበር።

ሎግ ሆኖ ባለ 8 ቢት ቢሆንስ?

ይህን ጥያቄ ካላነሳሁ ምክሬ ጎደሎ ይሆናል፤ ምክንያቱም ከተማው ውስጥ ብዙ ካሜራ እንዲህ ነው። ለምሳሌ በ2018 እ.ኤ.አ. የወጣው ሶኒ ኤ7 3 S-Log3 አለው፣ የሚጽፈው ግን በ8 ቢት ነው። በ2020 እ.ኤ.አ. የወጣው ኤ7ኤስ 3 ባለ 10 ቢት ነው። ሜኑው ላይ የሎጉ ስም አንድ ዓይነት ስለሆነ ሰው አንድ ይመስለዋል።

ልዩነቱ የሚታወቀው ሰማይ ላይ ነው። በተራው ባለ 8 ቢት፣ ከነጩ በታች ያለችው የመጨረሻዋ ስቶፕ ብቻ ከ60 በላይ ደረጃ ታገኛለች። በሎግ 8 ቢት ግን እያንዳንዷ ስቶፕ የሚደርሳት 20 ያህል ነው። ብዙ እንግዳ ጠርተህ እንጀራው ያው ሲሆን ቁራሹ ያንሳል እኮ! ያንን ጭጋጋማ ምስል ወደ ወዙ ስንመልሰው ከእንጦጦ በላይ ያለው ሰማያዊ ሰማይ ቀስ እያለ መደብዘዙ ቀርቶ እንደ ደረጃ ይቆራረጣል። ጥላው ላይም የተለየ ትርፍ የለውም። ያ አሥራ አራት ደረጃ የነበረው ፊት በዚያው አጨላለም በሎግ 8 ቢት ቢቀረጽ ኖሮ 19 ገደማ ነበር የሚሆነው። ነጠላውን ያድናል፣ ፊቱን ግን አያድንም። ስለዚህ ካሜራው 8 ቢት ከሆነ ሎጉን ትቶ በተራው መንገድ፣ በእጅ መጥኖ፣ ሰዎቹን ሁሉ ወደ ጥላው ወይም ሁሉንም ወደ ፀሐዩ አምጥቶ መቅረጽ ይሻላል። ስድስት ተኩል ስቶፕ የነበረው ልዩነት ወደ ሦስት ይወርዳል፤ ያንን ተራ ካሜራም ይችለዋል።

እናንተስ?

ሠርግ የደገሳችሁ ሁሉ ካሜራ ማኑን ስትዋዋሉ «ሎግ ነው?» ብላችሁ ብቻ አትጠይቁ። «ስንት ቢት ነው? የምትመጥነው በራሱ ነው በእጅ?» በሉት። በእጁ የሚመጥን ከሆነ ነጠላውን አይቶ እንዲመጥን ንገሩት።

ሠርጉ ያለፈባችሁ ደግሞ ወደ ኤዲተር ስትሄዱ በቴሌግራም የተላከላችሁን ይዛችሁ አትሂዱ። እሱ ሁለት ሦስት ጊዜ የተጨመቀ ነው፤ ጥቁሩ ተውጧል፣ ከ100 በላይ የነበረውም ተቆርጧል። ያለቀለትና የተሸጠላችሁ ፊልምም እንደዚያው ነው። የሚድን ነገር ካለ ያለው ከካሜራው ካርድ በቀጥታ የተገለበጠው ፋይል ላይ ነው። ካሜራ ማኖች ደግሞ ለሚቀጥለው ሠርግ ካርዱን ያጠፉታል፣ ሀርድ ዲስኩ ሲሞላም ያራግፋሉ። ስለዚህ ፍላሽ ወይም ሀርድ ዲስክ ይዛችሁ ዛሬውኑ ሂዱና ዋናውን ፋይል አስገልብጡ።